ከስልኬ ወደ ፍላሽ የገለበጥኩት ዶክመንተሪ ለምን አይከፈትም?

መምህር ዘ ሳቢያን

ሰላም የድሬ ልጆች። ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ እሳተ ገሞራ የሚያሳይ ዶክመንተሪ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር አለው፤ ኢንተርኔት ግን የለውም። ዶክመንተሪው ያለው በየወሩ ከምከፍልበት የፊልም መተግበሪያ ላይ ነው።

ያደረግኩት ይኸው። በሌሊት ጥቅል፣ በራሱ በመተግበሪያው የማውረጃ ቁልፍ አወረድኩት። 412 ሜጋባይት ሆነ። ስልኬ ላይ ዳታ አጥፍቼም በደንብ ይሠራል። ከዚያ ስልኩን በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ `Android/data` ውስጥ ገባሁ። ትልቁን ፋይል ፈልጌ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት፤ ስሙንም `film.mp4` አልኩት። በቪኤልሲ ስከፍተው ርዝመቱን በትክክል 1:20:14 ብሎ ያሳያል። ሰዓቱም ይቆጥራል። ምስል ግን የለም፤ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ነገር ብልጭ ይልና ይጠፋል። ድምፅም የለም።

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ገልብጬዋለሁ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው? ትምህርቱ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው።

አቦ ቴክ

አቦ መምህር፣ ፋይሉ ደህና ነው። ርዝመቱን ካሳየ ደህና ነው ማለት ነው። የጎደለው ኮዴክ ነው። በኮንቨርተር ወደ ሌላ ፎርማት ቀይረው። እምቢ ካለ ደግሞ ስልኩ ላይ ስክሪን ሪከርደር ከፍተህ ፊልሙን አጫውተው። ዲአርኤም የሚባለው ስክሪኑ ላይ ብቻ ያለ ክልከላ ነው፤ ፋይሉን አይነካውም። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ፣ በቀን አሥር ስልክ በእጄ ያልፋል።

መምህር ዘ ሳቢያን

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ ወንድሜ። ኮንቨርተሩ ጀምሮ መሀል ላይ ስህተት ይላል። ስክሪን ሪከርደሩ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥቁር ምስል ነው የቀዳልኝ። ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ስልኩን ሳልነካው አስቀምጬ ነበር።

ሼመንደፈር

ልጆቼ፣ እኔ ቤት የሳተላይት ሪሲቨር አለ። ፍላሽ ሰክቼ ቀዩን ቁልፍ ስጫን ይቀዳል፤ ዜናም ድራማም ቀድቻለሁ። ለምን መምህሩ እንደዚያ አያደርግም?

ሃናን ዲ

ጋሼ፣ እርስዎ የሚቀዱት ነፃ ቻናል ነው። ከሳተላይቱ ሲመጣም አልተቆለፈም፤ ስለዚህ ሪሲቨሩ የተቀበለውን እንዳለ ወደ ፍላሽ ይጽፈዋል። የሚከፈልበት ቻናል ላይ ቢሞክሩት ግን የተቀዳው ከዚያው ሪሲቨር ውጪ አይከፈትም፣ ወይም መቅጃው ጭራሽ አይሠራም። የመምህሩም ነገር ወደዚያኛው ይጠጋል።

መምህር፣ ፋይልዎ አልተበላሸም። ኮዴክም አልጎደለውም። ተመስጥሮ ነው ያለው፤ ዲአርኤም የሚባለው የፊልም መቆለፊያ ይኸው ነው፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ አይደለም። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ለአንድ የቪዲዮ መተግበሪያ ይህንኑ ክፍል እሠራ ነበር፤ ከፈቀዱልኝ በዝግታ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ርዝመቱን ማሳየቱ ብዙ ሰው ያሳስታል።

እንዲህ ዓይነት ፊልም እንደ አንድ ወጥ ነገር አይመጣም። በትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ቁራጭ አራት ሰከንድ ነው ብንል፣ የእርስዎ ፊልም ለምስሉ ብቻ 1,200 ገደማ ቁራጭ ይሆናል። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ምስልና ድምፅ አገልጋዩ ጋ ሳለ ገና ኤኢኤስ በሚባለው የመመስጠሪያ ዘዴ ተመስጥሯል። የፋይሉ ሽፋን ግን ክፍት ነው። ርዝመቱ፣ የምስሉ ስፋት፣ የቋንቋው ስም ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ቪኤልሲ 1:20:14 ያለው ይህን ሽፋን አንብቦ ነው። ውስጡን ሊያነብ ሲሞክር ግን የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። አረንጓዴው ብልጭታ እሱ ነው።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉና ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ካገኙ፣ የፋይሉን መጀመሪያ ብቻ ይመልከቱ፦

```
head -c 8000 film.mp4 | strings | grep -E "encv|enca|pssh"
```

`encv` የሚል ከወጣ ምስሉ ተመስጥሯል ማለት ነው። `enca` ደግሞ ድምፁ። ባልተቆለፈ ፋይል ላይ እነዚህ አይኖሩም። ይህ ምንም አይከፍትም፤ ፋይሉ የተበላሸ ይሁን የተቆለፈ ለመለየት ብቻ ነው።

መምህር ዘ ሳቢያን

የአይሲቲ መምህራችን ላፕቶፕ ላይ ሞከርነው። `encv`ም `enca`ም ወጥተዋል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስልኬ ያለ ኢንተርኔት ይከፍተዋል። ስለዚህ መክፈቻው ቁልፍ ስልኬ ውስጥ አለ ማለት ነው። ታዲያ እሱን ለምን አብሬ አልገለብጠውም?

ሃናን ዲ

ጥያቄው እዚያው ላይ ነው ያለው። አዎ፣ ቁልፉ ስልክዎ ውስጥ አለ። 16 ባይት ነው፤ ከ412 ሜጋባይት ጎን ሲቆም ምንም ማለት አይደለም። ለብቻው ግን አልመጣም።

የማውረጃውን ቁልፍ የተጫኑ ለት ሁለት ነገር ነው የወረደው። አንዱ ፊልሙ ነው። ሌላው ፈቃዱ ነው። ስልክዎ ውስጥ ዋይድቫይን የሚባል የጉግል ክፍል አለ፤ አይፎን ላይ ፌርፕሌይ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፕሌይሬዲ አለ። ዋይድቫይን ስልኩ ፋብሪካ ሳለ በተሰጠው መታወቂያ እየፈረመ ወደ ፈቃድ ሰጪው አገልጋይ ጥያቄ ይልካል። አገልጋዩ ሒሳብዎ ክፍያ እንዳለው ያያል። ከዚያ የፊልሙን ቁልፍ እንደገና ይመሰጥረዋል፤ በዚህ ጊዜ የእርስዎ ስልክ ብቻ እንዲፈታው አድርጎ። አብሮም ደንብ ያስቀምጣል፤ እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ በስንት የምስል ጥራት እንደሚታይ።

ስለዚህ ፈቃዱን ፈልገው ቢገለብጡት እንኳ ላፕቶፑ አያነበውም። ለእሱ አልተጻፈም። ሌላ ሰው ተመሳሳይ ሞዴል ስልክ ቢኖረው ለሱም አይሠራም።

ጥቁሩ ስክሪንም ከዚሁ ነው። ጥሩ ስልኮች ላይ ፊልሙ የሚፈታው አንድሮይድ ራሱ ሊገባበት በማይችል የፕሮሰሰሩ ክፍል ውስጥ ነው። ምስሉም ከዚያ በቀጥታ ወደ ማሳያው ይሄዳል። ስክሪን ሪከርደር ተራ መተግበሪያ ስለሆነ ያቺን ቦታ ሲጠይቅ የሚሰጠው ባዶ ነው። ርካሽ ስልክ ላይም ቢሆን መተግበሪያው "ይህ መስኮት አይቀዳ" ብሎ ለአንድሮይድ ይነግራል፤ አንድሮይድም ጥቁር አድርጎ ይሰጣል።

አቦ ቴክ

ወላሂ አሁን አንድ ነገር ገባኝ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ስልኩን ሌላ ሮም አስጭኖ መጣ። ስልኩ ይሠራል፣ ፊልሙም ይከፈታል፣ ግን ምስሉ ደብዛዛ ሆነ። ስክሪኑ ነው ብዬ ላሳምነው ነበር። በኋላ የዲአርኤም መረጃ በሚያሳይ ትንሽ መተግበሪያ ሳየው፣ የእኔ ስልክ ላይ `L1` የሚለው የሱ ላይ `L3` ይላል። እሱ ነው እንዴ?

ሃናን ዲ

እሱው ነው። ሌላ ሮም ለመጫን የስልኩ ማስነሻ፣ ቡትሎደሩ፣ ሲከፈት ብዙ ስልኮች ያቺን የተጠበቀች ክፍል አያምኗትም። ዋይድቫይን ወደ `L3` ይወርዳል፤ ማለትም ፊልሙ በተራ ሶፍትዌር ይፈታል። አብዛኞቹ አገልግሎቶች ለ`L3` ከፍተኛ ጥራት አይሰጡም። ኔትፍሊክስ ለምሳሌ እንዲህ ላለ ስልክ ኤችዲ አይልክም። ያገለገለ ስልክ ስትሸጥ ብታሳየው ለገዢው ትልቅ ነገር ነው።

የቀፊራ እናት

ይቅርታ መሀል ልግባ፣ የኔም ከዚህ ጋር ይሄዳል መሰለኝ። ለልጆቼ ታብሌት ላይ ካርቱን አወርድላቸዋለሁ። ታብሌቱ ሲም የለውም። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ሰዓቱ ስለሚጠፋ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያወረድኩት ሁሉ "ጊዜው አልፏል" ይላል። ገና ሦስት ቀን ያልሞላውም እንደዚያው። ወንድሜ ቤት ዋይፋይ ሳገናኘው ደግሞ መተግበሪያው "መገናኘት አልተቻለም" ይላል። የሱ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። ታብሌቱን ልጣለው ወይ?

ሃናን ዲ

እቱ፣ አትጣይው። ቀኑን ስታስተካክዪ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ ነው የምትሞዪው?

የቀፊራ እናት

አዎ፣ በእኛ ነዋ። በፈረንጅ አላውቀውም።

ሃናን ዲ

እሱ ነው ችግሩ። ታብሌቱ የፈረንጁን ነው የሚያውቀው። አንቺ የእኛን ዓመት ስትሰጪው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። ፈቃዱ ላይ ቀን አለ። ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ የአጫዋቹ ክፍል ሰው ጊዜ ለማራዘም እየሞከረ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ይዘጋዋል። ዋይፋይ ላይ የማይገናኘው ደግሞ የአገልጋዩ የደኅንነት ሰርተፍኬት ለታብሌቱ "ገና ያልተሰጠ" ስለሚመስለው ነው።

ወንድምሽ ቤት ሄደሽ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጊው። መተግበሪያውን ዘግተሽ ክፈቺው። ከዚያ በየካርቱኑ ላይ "አድስ" የሚል ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚታደሰው ፈቃዱ ብቻ ነው፤ ጥቂት ኪሎባይት ነው፣ ካርቱኑ እንደገና አይወርድም። የእኛን ቀን ማየት ከፈለግሽ ለብቻው የኢትዮጵያ ካላንደር መተግበሪያ አለ፤ የታብሌቱን ሰዓት አትንኪው።

የሕግ ምሩቅ

ከቴክኒኩ ወጣ ብዬ ልጠይቅ። አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ አንቀጽ 9 ላይ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ የታተመ ሥራን አንድ ቅጂ ማባዛቱን ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ ለማስተማር የሚደረግ ማባዛትን ተገቢ በሆነ መጠን ይፈቅዳል። መምህሩ ከፍሏል። አስተማሪ ነው። ለእኔ መብቱ አለው፤ ኩባንያው ነው እየነጠቀው ያለው።

ሃናን ዲ

የሕጉን ነገር ካንተ በላይ አላውቅም፤ ያየሁትን ግን ልበል። "ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም" ማለት አንድ ነገር ነው። "ባለመብቱ ቁልፉን ይስጥ" ማለት ሌላ ነው። አንቀጹ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይልም። ከዚያ ደግሞ መምህሩ ሲመዘገቡ የተስማሙበት ውል አለ። ውሉ ለግልና ለቤተሰብ መመልከቻ ነው የሚለው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1998 በወጣ ሕግ ቁልፉን መስበር ራሱን ችሎ የተከለከለ ነው፤ ብዙዎቹ አገልግሎቶችም የዚያ አገር ኩባንያዎች ናቸው።

የሕግ ምሩቅ

ውል ሕግ የሰጠውን መብት ያስቀራል ወይ የሚለው ግን ክርክር ነው። እኔ አልተቀበልኩትም። ደግሞ የአንቀጽ 11 ዋጋ ምንድን ነው፣ መምህር የሚያስተምርበትን ነገር በእጁ ማስገባት ካልቻለ?

ሃናን ዲ

እዚህ ላይ ከልቤ ነው የምስማማው። ያሳዝናል። ግን መምህሩ ማክሰኞ ክፍል አለባቸው፤ እስከዚያ ፍርድ ቤት አይደርስም። በሕግም በቴክኒክም የሚያስኬዳቸውን እንፈልግላቸው።

መምህር ዘ ሳቢያን

አመሰግናለሁ። ከልብ። ስልኬን ራሱን ከፕሮጀክተሩ ጋር በኬብል ባገናኘውስ? ወይም ካስት ባደርገው?

ሃናን ዲ

ካስት አይረዳዎትም። ካስት ሲያደርጉ ስልኩ ያወረደውን አይልክም፤ ቴሌቪዥኑ ወይም ዶንግሉ ራሱ ከኢንተርኔት እንደገና ይጎትተዋል። ኢንተርኔት የሌለው ክፍል ውስጥ አይሆንም።

ኬብሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ ስልክዎ በዩኤስቢ ሲ ምስል ማውጣት መቻል አለበት፤ ብዙ መካከለኛ ስልኮች አይችሉም። ሁለተኛ ከስልኩ እስከ ፕሮጀክተሩ ያለው ሁሉ፣ አስማሚውም ጭምር፣ ኤችዲሲፒ የሚባለውን ጥበቃ መቀበል አለበት። ርካሽ አስማሚ ሲሆን የስልኩ ዋና ገጽ ፕሮጀክተሩ ላይ ይታያል፤ ፊልሙ ሲጀምር ግን ይጠቁራል። እንዲህ ሲሆን ካዩ ፕሮጀክተሩን አይውቀሱ።

ላፕቶፕ ላይ በመተግበሪያው አውርጄ ይዤ ልሂድ ካሉ ደግሞ፣ አገልግሎቱ መፍቀዱን አስቀድመው ይዩ። ኔትፍሊክስ ለምሳሌ የዊንዶውስ መተግበሪያው ላይ የነበረውን ማውረድ በፈረንጆቹ 2024 አንስቶታል። በስልክና በታብሌት ግን ይቻላል፤ አንዳንዱ ፊልም መታየት ከጀመረ በኋላ 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ሰኞ ማታ "እስቲ ልሞክረው" ብለው ከፍተው እንዳያስጀምሩት፤ ያኔ መቁጠር ይጀምራል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኬብሉ ቢሠራ እንኳ 50 ተማሪ ፊት ማሳየት የቤተሰብ መመልከቻ አይደለም። ኔትፍሊክስ ከራሱ ዶክመንተሪዎች የተወሰኑትን ለትምህርት አንድ ጊዜ ማሳየት ይፈቅዳል፤ የትኞቹ እንደሆኑ በየፊልሙ መግለጫ ላይ ይጽፋል። ሌሎች አገልግሎቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የእርስዎ ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ፈቃድ ካለ ይፈልጉ።

መምህር ዘ ሳቢያን

ፈለግኩ። የእኔ ፊልም ላይ የለም። ስልኬም በኬብል ምስል አያወጣም፤ አቦ ቴክ ሱቅ ሄጄ በእሱ አስማሚ ሞከርነው።

አቦ ቴክ

አዎ፣ የመምህር ስልክ አያወጣም። የእኔ ያወጣል፤ ፊልሙ ላይ ግን ሃናን እንዳለችው ጠቆረ። አስማሚውን ሳልሸጥ ቀርቼ አልቆጨኝም፣ ለሌላ ሰውም በደንብ እነግረዋለሁ።

ሃናን ዲ

እንግዲያው ሳይቆለፍ ወደተቀመጠው እንሂድ። ለእርስዎ ትምህርት እንዲያውም የተሻለ አለ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም፣ ዩኤስጂኤስ የሚባለው፣ የራሱ ባለሙያዎች የቀረጿቸው ቪዲዮዎች የቅጂ መብት የለባቸውም። የመንግሥት ሥራ ስለሆኑ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። የሃዋይው ኪላዌያ በፈረንጆቹ 2018 ሲፈነዳ የቀረጹት በድረ ገጻቸው አለ። ቪዲዮው ሥር የማውረጃ ቁልፍ አለ፤ የሚወርደው ተራ ኤምፒ4 ነው። ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት፣ ለባልደረባዎ ይስጡት፣ ማንም አይጠይቅዎትም። ቪዲዮው ሥር የሌላ ሰው ስም ከተጻፈ ብቻ ያንን ይለፉት።

ለወደፊቱ ደግሞ ኮሊብሪ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተብሎ የተሠራ ነው። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ካን አካዳሚን የመሳሰሉ ትምህርቶች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጭኑበታል። ላፕቶፑን ክፍል ወስደው ዋይፋይ ሲከፍቱ ተማሪዎቹ በስልካቸው ከላፕቶፑ ያያሉ። ዳታ አይበላም። ይህ ከፍላሽ ይሻላል፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይመለሳል።

የቀፊራ እናት

ሃናን እህቴ፣ ሰዓቱን አውቶማቲክ አደረግኩት። ሠራ። ከአሥራ አንዱ ካርቱን ዘጠኙ ታደሱ። ሁለቱ ግን "በዚህ አካባቢ አይገኝም" ይላሉ። ከፍዬባቸው ነበር እኮ።

ሃናን ዲ

ለእነዚያ መፍትሔ የለኝም እቱ። ለየአገሩ የሚሰጠው መብት ጊዜው ሲያልቅ አገልግሎቱ ፊልሙን ያነሳዋል፤ ፈቃዱም አይታደስም። በወር ክፍያ የምናየው ነገር የተከራየነው ነው። ልጆቹ በጣም የሚወዱት ካለ ዲስኩ የሚሸጥ ከሆነ ዲስኩን መግዛት ነው የሚሻለው።

የሕግ ምሩቅ

"ግዛ" የሚል ቁልፍ አስቀምጦ ማከራየት ግን አግባብ አይደለም። ይህን ለብቻው እጽፍበታለሁ።

ሼመንደፈር

የባቡሩ ሰው ነኝና ከጊዜ በኋላ ቲኬት እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን ቲኬት ስንሸጥ ቀኑን ፊት ለፊት እንጽፍበት ነበር።

መምህር ዘ ሳቢያን

ማክሰኞ አሳየኋቸው። የኪላዌያውን አራት አጫጭር ቪዲዮ ነው የወሰድኩት፤ አራቱም በፍላሽ ያለ ችግር ተከፈቱ። ቅልጡ ዐለት መንገዱን አቋርጦ አስፋልቱን ሲውጥ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "አፋር ላይ ያለው ኤርታ አሌም እንዲህ ይፈሳል?" አለችኝ። ከዶክመንተሪው ይልቅ ይህ ረዳኝ፤ ተራኪ ስለሌለው እኔው በአማርኛና በኦሮምኛ እያቋረጥኩ ማስረዳት ቻልኩ።

አሁን ኮሊብሪን ከአይሲቲ መምህሩ ጋር እየሞከርን ነው። የላፕቶፑ ዋይፋይ ላይ ስምንት ስልክ ሲገባ ዘጠነኛው አይገባም። ሃናን፣ ይህ የላፕቶፑ ገደብ ነው ወይስ የኮሊብሪ?

ሃናን ዲ

የላፕቶፑ ነው፤ ዊንዶውስ በሞባይል ሆትስፖቱ ከስምንት በላይ አያስገባም። አንድ አሮጌ የዋይፋይ ራውተር ፈልጉ፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይሆናል። ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩት፤ ተማሪዎቹ በራውተሩ ይግቡ።

አቦ ቴክ

ራውተር እኔ ጋ አለ፣ አንዱ አንቴናው ተሰብሯል ግን ይሠራል። መምህር፣ ነገ ከሰዓት መጥተህ ውሰደው።